«ፈሳሽ የላትም» ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም

የቤታችን ውሻ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልመከነችም። ወንድ ከፈለገች ከአምስት ሳምንት በኋላ ምግብ ትታ ውኃ በላይ በላዩ ትጠጣ ጀመር፤ ሆዷም ተነፋ። እናቴ «አርግዛ ይሆናል» አለች። እኔም ምንም ፈሳሽ ስላላየሁ ተዘናጋሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ማኅፀን መግል ሲቋጥር በሩ ክፍት ከሆነ መግሉ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ሰውም አይቶ ይደነግጣል። በሩ ከተዘጋ ግን ውስጥ ይጠራቀማል፤ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ማኅፀኑም ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ ይበልጥ የምታስፈራው ንጹሕ የምትመስለው ናት።

የእኛዋ ነጭ የደም ሴል 38,000 ደረሰ፤ የጤነኛ ውሻ ቢበዛ 17,000 ገደማ ነው። የኩላሊቷም ውጤት ከልክ አልፏል። ሐኪሙ እንደነገረን ግን ነጭ ሴሉ ወደ ማኅፀን ስለሚጎርፍ የደሙ ቁጥር ልክ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ በደም ብቻ አልወሰነም፣ በአልትራሳውንድ አየው።

አባቴ «መርፌ ትወጋና እስቲ ትደር» ቢልም እኔ አልተስማማሁም። አንቲባዮቲክ ብቻውን የታሸገ መግል አያወጣም። በደም ሥሯ ፈሳሽና መድኃኒት ተሰጥቷት፣ በዚያው ቀን ማኅፀኗ ከነእንቁልጢው ወጣ። የልጅ ክንድ ያክል ነበር። «እስቲ ትደር» የሚል ሁሉ ቢያየው ደስ ባለኝ።