ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ አራተኛው እግር ነው

መስከረም ላይ በደብረ ኤልያስ አንድ ገበሬ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ስንዴው ቢጫ ቢጫ አለብኝ፤ ምን ይሻለኛል?» በቃ፣ ይኸው ነው። መቼ እንደተዘራ፣ ምን ዝርያ እንደሆነ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደገባበት አልተጻፈም። ባለሙያው ስንት ጥያቄ ቢመልስለት ተገቢ ነው?

የኔ መልስ ሦስት ነው። ሦስቱም በአንድ መልእክት ይላኩ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው ገበሬውን ከመርዳት ይልቅ ራሱን ከተጠያቂነት እየጠበቀ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ገበሬው «አላብራራም» ተብሎ መወቀስ የለበትም። ያየውን ተናግሯል። ችግሩ ቢጫነት የብዙ በሽታ ልብስ መሆኑ ነው። በቅኔ አገር ቋንቋ፣ ቢጫው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን ቢያንስ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቢጫ ዋግ ነው። ሁለተኛው የናይትሮጅን እጥረት፣ ማለትም ዩሪያ ያጣ መሬት ነው። ሦስተኛው በዋልካ መሬት ላይ ውሃ ተኝቶ ሥሩ አየር ማጣቱ ነው። የሦስቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ለዋግ የፈንገስ መድኃኒት ይረጫል፣ ለእጥረት ዩሪያ ይጨመራል፣ ለተኛ ውሃ ቦይ ወጥቶ ይጠነፈፋል።

ስለዚህ ምንም ሳይጠይቁ «ዩሪያ ጣልበት» የሚሉትን አልደግፍም። ሰብሉን የያዘው ዋግ ከሆነ፣ ዩሪያው ቅጠሉን ያለመልመዋል፤ ለዋግ ደግሞ የለመለመና የጠቀጠቀ ስንዴ ድግስ ነው። ውሃ የተኛበት ከሆነም ዩሪያው አብዛኛው ባክኖ ይቀራል። ገበሬው ገንዘቡንም ሰብሉንም ያጣል።

ግን ከዚህ ስህተት የሸሹ ሰዎች ሌላ ገደል ውስጥ ገብተዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና ጥያቄውን ይደረድሩታል። ዝርያው ምንድን ነው? ዘሩን ከየት አገኙት? መቼ ዘሩ? በመስመር ነው በብተና? ዓምና ማሳው ላይ ምን ነበር? ስንት ጊዜ አረሱ? አፈሩ ኖራ ገብቶበታል? እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ሁሉም ለሪፖርት ይጠቅማል። ለዛሬ ግን አይጠቅምም።

ለምን? አንድ ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው መልሱ ዛሬ የሚደረገውን ነገር የሚቀይር ከሆነ ብቻ ነው። ዝርያውን እንውሰድ። እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ አገሪቱን ሲመታ፣ ብዙ ገበሬ የሚዘራው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ ዝርያ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ምርጫ ወሳኝ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ላይ ዋጉ አፍጥጦ እየታየ ከሆነ፣ ዝርያው ኩብሳ ሆነም ሌላ፣ ዛሬ የሚሰጠው ምክር ያው ነው። መልሱ ምክሩን ካልቀየረ ጥያቄው ይዘግይ።

መዘግየቱ ደግሞ ዋጋ አለው። ገበሬው ጠዋት ማሳ ይውላል፣ ስልኩ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረም አንርሳ፤ ያኔ ፎቶ መላክ የማይታሰብ ነበር። አንድ ጥያቄና መልስ አንድ ቀን ቢፈጅ፣ ሰባት ጥያቄ አንድ ሳምንት ነው። ቢጫ ዋግ በደጋ ቅዝቃዜ ቅጠል ውስጥ ገብቶ አዲስ ዱቄት እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ አረንጓዴ የሚመስለው ቅጠል ውስጡ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው «እያጣራሁ ነው» ባለበት ሳምንት ዋጉ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ታዲያ ሦስቱ ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?

አንደኛ፦ «ቢጫውን በጣትዎ ሲያሹት ዱቄት ይነካዎታል?» ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ደም ሥር ተሰልፎ እንደ መስመር ይወጣል፣ ሲነካም ጣትን ያቀልማል። የማዳበሪያ እጥረትም ሆነ የተኛ ውሃ ዱቄት የለውም። ይህ ጥያቄ የሚቀድመው ጊዜ የማይሰጠውን ጠላት ስለሚለይ ነው።

ሁለተኛ፦ «ቢጫው ውሃ የሚተኛበት ዝቅታ ላይ ብቻ ነው ወይስ ማሳውን ሙሉ?» ዱቄት ከሌለና ዝቅታው ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቦይ። ማሳው ሙሉ ከሆነና ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው የጀመረ ከሆነ የዩሪያ ረሃብ ይመስላል።

ሦስተኛ፦ «ዛላ አውጥቷል? ፍሬውስ ደርቋል?» ይህ ርጭቱ ዋጋ ይኖረው እንደሆነ ይወስናል። ላይኛው ቅጠል ገና ጤነኛ ከሆነ ርጭት ያድነዋል፤ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ግን መድኃኒቱ የወጣበትን አይመልስም።

ከሦስቱ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከል፦ «መልስዎን እስክሰማ ዩሪያ አይጨምሩ።» ከቀናት ጥበቃ የሚመጣው ጉዳት በስህተት ከሚጣል ዩሪያ ያነሰ ነው። ጠያቂ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ የማይጎዳ ትእዛዝ በእጁ ይስጥ፤ ሰውን ባዶ እጁን እያስጠበቁ መጠየቅ ነውር ነው።

ገበሬው «አዎ፣ ጣቴን ቢጫ አደረገው፤ ማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም አለ፤ ዛላው ገና እየወጣ ነው» ብሎ ቢመልስ ነገሩ አለቀ። ዋግ ነው፣ ጊዜው አለ፣ ሳይውል ሳያድር ይረጭ፣ የአጎራባች ማሳ ባለቤቶችም ይነገራቸው፤ ዱቄቱ በነፋስ ይሄዳልና።

«ግን መልሱ የተምታታ ቢሆንስ? ዱቄት መሰለኝ፣ እንጃ፣ ቢልስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አራተኛ ጥያቄ አይደለም። በሦስት ጥያቄ ያልተለየ ነገር በሰባትም አይለይም፤ ቃል ከዚህ በላይ ማየት አይችልምና። ያኔ ባለሙያው ተነስቶ ማሳው ላይ ይቁም፣ ካልቻለ ኔትወርክ ባለበት የቅጠሉን ፎቶ ያስልክ።

«ባለሙያ ያንሳል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጸጥታውም አያስኬድም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው። ይህ ግን የሚደግፈው እኔን ነው። እግር ውድ በሆነበት አገር ሦስቱ ጥያቄዎች የትኛው ማሳ እግር እንደሚያስፈልገው ይለያሉ። ሃያ ጥያቄ ግን ሁሉንም ማሳ እኩል ያዘገያል።

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። የገበሬው አነጋገር አጭር ነበር፤ የባለሙያው አያያዝ ግን ስንዴውን ሊቀድደው ይችላል። ባለሙያ ሆይ፣ ጥያቄ ከመላክህ በፊት «አዎ ቢለኝ ምን እላለሁ? አይ ቢለኝስ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ለሁለቱም የምትለው አንድ ከሆነ አትላከው።