ቁጣ ሳይሆን ደብዳቤ

«በተደጋጋሚ በማርፈድ ሥራ በድለዋል» ብሎ የሚጀምር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለእኔ ማኅተም ያረፈበት ቁጣ ነው። መቼ? ስንት ደቂቃ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ሥር በማርፈድ ምክንያት ወዲያው ማሰናበትን የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲያረፍድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ነገ ክርክር ቢነሳ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የመግቢያ ሰዓት 2፡30 ሆኖ ሳለ ጥቅምት 4 ቀን 2፡52፣ ጥቅምት 11 ቀን 3፡05፣ ጥቅምት 19 ቀን 2፡47 እንደገቡ የሰዓት መዝገቡ ያሳያል። ምክንያት ካለዎት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይግለጹልን።» «ሰነፍ» እና «ግዴለሽ» አለቃውን ያስደስቱ ይሆናል እንጂ ምንም አያስረዱም። «ዳግም ካረፈዱ ይሰናበታሉ» የሚለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አራተኛው ማርፈድ ስምንተኛ አይደለምና። «በአዋጁና በድርጅቱ የሥራ ደንብ መሠረት እርምጃ ሊወሰድ ይችላል» ይበቃል። ሠራተኛው ግልባጩን ፈርሞ ይቀበል፤ አልፈርምም ካለ ደግሞ ይህንኑ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ቀኑን ጽፈው ይፈርሙበት።