ፕሪ ቴስት 52፣ ፖስት ቴስት 84፤ ታዲያ ምን ተለካ?

የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሪፖርት የሚያነብ ሰው አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ሳያገኝ አያልፍም፦ «የሠልጣኞች አማካይ ውጤት ከሥልጠናው በፊት 52 በመቶ፣ ከሥልጠናው በኋላ 84 በመቶ ሆኗል»። ቁጥሩ ከሪፖርት ሪፖርት ትንሽ ይለያይ ይሆናል፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ሁልጊዜ ይጨምራል። አሠልጣኙ ጎበዝም ይሁን ደካማ፣ ሥልጠናው አምስት ቀን ይፍጅ ወይም በሁለት ቀን ይጠናቀቅ፣ ይጨምራል። የሚጫንበት ምንም ይሁን ምን መርፌው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ሚዛን ላይ እህል የሚያስመዝን ገበሬ የለም። በዚህ ቁጥር ግን በጀት ይለቀቃል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያገለግል ነጥብ ይሰጣል።

ጉዳቱን ለማየት አንድ የታወቀ ጉዳይ ይበቃል። ኢትዮጵያ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ የሕፃናት ሳንባ ምችን በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ፈቀደች። ከዚያ በፊት ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ ነበር። ጤና ኬላ ላይ ራጅ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም፣ የሚጠየቅ ሐኪምም በአጠገብ የለም። ውሳኔው በአብዛኛው በሁለት ቁጥሮች ላይ ይቆማል፤ በልጁ ዕድሜና በአንድ ደቂቃ ውስጥ በተነፈሰው ትንፋሽ ብዛት። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላልሞላው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ወሰኑ 60 ሲሆን አያያዙም ሌላ ነው። ከዚህ ጋር የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድና አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች ይታያሉ። ከሥልጠና የተመለሰችው ባለሙያ ይህን ካወቀች ልጁ መድኃኒቱን በሰዓቱ ያገኛል። ካላወቀች ወይ የታመመው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ ጉንፋን የያዘው ሁሉ አሞክሲሲሊን ይወስድና ክምችቱ ለእውነተኛው ታማሚ ሳይደርስ ያልቃል።

አሁን የተለመደውን የፈተና ጥያቄ እንመልከት። «የሳንባ ምች ምልክት የትኛው ነው? ሀ) ሳል፣ ለ) ፈጣን አተነፋፈስ፣ ሐ) የደረት መሰርጎድ፣ መ) ሁሉም መልስ ናቸው»። በዚህ አገር ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ሁሉ መልሱ መ እንደሆነ ስለ ሳንባ ምች ምንም ሳያውቅ ይገምታል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚወለደው አሠልጣኙ ስላይዱን ጨርሶ፣ በመጨረሻው ሌሊት፣ ከስላይዱ ላይ ዓረፍተ ነገር እየቀዳ ሲያወጣው ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ባለሙያዋ ጤና ኬላ ላይ ምን ምን ትወስናለች የሚለው ይጻፍ፣ ከዚያ ጥያቄው ይውጣ፣ ስላይዱ የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ የወጣ ጥያቄ ይህን ይመስላል። «የ8 ወር ሕፃን ሦስት ቀን የቆየ ሳል ይዞት መጣ። ይጠባል፣ የወሰደውን ሁሉ አያስመልስም፣ አላንቀጠቀጠውም፣ ንቁ ነው። ደረቱ አይሰረጉድም፣ ሲተነፍስም የተለየ ድምፅ የለውም። ተረጋግቶ ሳለ በሙሉ አንድ ደቂቃ 54 ጊዜ ተነፈሰ። ምን ያደርጋሉ?» ትክክለኛው መልስ በጤና ኬላው አሞክሲሲሊን ጀምሮ ለክትትል መቅጠር ነው። የዚህ ጥያቄ ጉልበት ግን ያለው በተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ነው። «ለሳሉ ማለስለሻ መክሮ ወደ ቤት መመለስ» የሚለውን የመረጠች ባለሙያ ወሰኑን 60 አድርጋ ይዛለች ማለት ነው። «የመጀመሪያውን መጠን ሰጥቶ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ» ያለችው ደግሞ ፈጣን አተነፋፈስን ብቻ እንደ ከባድ በሽታ ትቆጥራለች። ስህተቱ ስም አለው፤ ስም ያለው ስህተት ደግሞ ነገ ጠዋት በአዳራሹ ሊታረም ይችላል።

የዚህ ጥያቄ ተቃራኒም አብሮ መኖር አለበት፤ ሁሉ ነገሩ ተመሳሳይ ሆኖ ዕድሜው 10 ወር፣ ትንፋሹ 46 የሆነ ሕፃን። ይህ ሳንባ ምች አይባልም፣ ፀረ ተህዋስያንም አያስፈልገውም። «ከ40 በላይ ፈጣን ነው» ብላ የትልልቆቹን ልጆች ወሰን ለሁሉም የምታውል ባለሙያ እዚህ ትያዛለች።

ጥያቄዎቹ ከተዘጋጁ በኋላ ለሥልጠናው ላልተጠሩ ሦስት አራት ባለሙያዎች ተሰጥተው፣ መልሱን የመረጡበትን ምክንያት ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥያቄው ያልታሰበ ትርጉም ካለው እዚያ ይጋለጣል። ቋንቋውም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እናቶችን ስታማክር የምትውል ባለሙያ በእንግሊዝኛ ብትፈተንና ብትወድቅ፣ የወደቀችው በየትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ጥፋት አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ መስጠት ነው። ሰኞ የታየ ጥያቄ ዓርብ ሲመለስ የሚለካው ትውስታ ነው። በመሀል አሠልጣኙ «ይቺ ነገር ፈተና ላይ ነበረች» ብሎ ጥቅሻ ካከለበት ደግሞ ያ ወረቀት አብቅቶለታል። መፍትሔው ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት ነው። በአንዱ ቅጂ 54 የተነፈሰ የ8 ወር ሕፃን ካለ፣ በሌላው 52 የተነፈሰ የ11 ወር ሕፃን ይኑር። በአንዱ የ10 ወሩ 46 ካለ፣ በሌላው የ7 ወሩ 44። ከዚያ ግማሹ ሠልጣኝ ሰኞ አንደኛውን፣ ዓርብ ሁለተኛውን ይፈተናል፤ ቀሪው ግማሽ በተገላቢጦሽ። አንዱ ቅጂ ሳይታወቅ ቀለል ብሎ ቢገኝ እንኳ ክብደቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይወድቃል። ብዙዎች ሁለተኛ ቅጂ ይሠራሉ፣ ግን አንደኛውን ለሁሉም በፊት፣ ሁለተኛውን ለሁሉም በኋላ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ የጨመረው እውቀት ይሁን የቀለለው ወረቀት መለየት አይቻልም።

ሰዓቱም ነገር አለው። ድህረ ፈተናው አበል በሚፈረምበት የመጨረሻ ሰዓት ከተሰጠ፣ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ፣ መልስ ከጎን ወደ ጎን ይሻገራል። ከመዝጊያው በፊት፣ ጠዋት ላይ፣ ካሠለጠነው ሰው ውጭ በሆነ አራሚ መሆን ይኖርበታል። በስም ፋንታ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚያስታውሰው ኮድ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ይጻፋል። ፍርሃቱን ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን የአንዱን ሰው የሰኞና የዓርብ ወረቀት ያገናኛል።

ይህ ማገናኘት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 30 ሰው ተመዝግቧል እንበል። ሁለቱ ዘግይተው ስለደረሱ ቅድመ ፈተናውን 28 ሰው ወሰደ። ድህረ ፈተናውን ደግሞ አራቱ ለስብሰባ ተጠርተው ስለሄዱ 26 ሰው። የተለመደው ሪፖርት የ28ቱን አማካይ ከ26ቱ አማካይ ጋር ያወዳድራል። ሁለቱንም የወሰዱት ግን 24 ብቻ ናቸው፤ ስለ ለውጥ መናገር የሚቻለው ስለ እነሱ ነው። የእነሱ አማካይ ከ20 ጥያቄ 11 ከነበረበት ወደ 16 ወጣ እንበል። ከ55 ወደ 80 በመቶ ማለት ነው። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ሰውም በግምት ከ20ው ወደ 5 እንደሚያገኝ እያስታወሱ፣ ጥሩ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሪፖርት እዚህ ይቆማል።

አሁን ጥያቄ በጥያቄ ይታይ። 54 ስለተነፈሰው ሕፃንና ስለ ጥንዱ በፊት 9 ሰው፣ በኋላ 23 ሰው በትክክል መለሰ። ግሩም። 46 ስለተነፈሰው ሕፃንና ስለ ጥንዱስ? በፊት 18፣ በኋላ 11። ሥልጠናው በዚህ ጥያቄ ላይ ባለሙያዎቹን ወደ ኋላ መልሷቸዋል። ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አሠልጣኙ በአምስቱ ቀን ያሳየው ቪዲዮ በሙሉ በፍጥነት የሚተነፍስ፣ የታመመ ሕፃን ከሆነ ሠልጣኞቹ የተማሩት «የሚያስል ልጅ ሳንባ ምች አለው» የሚለውን ነው። 55 ወደ 80 የሚለው መስመር ይህን ሁሉ ሸፍኖ ያልፋል። 24 ሰው ትንሽ ነውና የሁለት የሦስት ሰው ልዩነት ላይ ድምዳሜ አይሰጥም። የሰባት ሰው ማሽቆልቆል ግን ጤነኛና የታመሙ ሕፃናትን እየቀላቀለ የሚያስቆጥር የአንድ ሰዓት ልምምድ እንዲጨመር በቂ ምክንያት ነው።

«ፈተና በወረቀት ነው፣ ሥራው በእጅ ነው፤ ለምን እንዲህ እንድከም?» የሚል ሙግት ይነሳል፤ ግማሹ እውነት ነው። በሰሜን ታንዛኒያ በሃይዶም ሆስፒታል አዋላጆች በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሲወለድ ያልተነፈሰ ሕፃንን ስለመርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በ2013 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ከወራት በኋላም በአሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ ብቃታቸው በግልጽ ተሻሽሎ ነበር። በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ በእውነተኛ ሕፃናት ላይ የሚያደርጉት ግን በሚፈለገው መንገድ አልተለወጠም። ሆስፒታሉ ኋላ ላይ እዚያው ሥራ ቦታ አጫጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ ሲጀምር ነው ለውጡ ወደ ሕፃናቱ የደረሰው። ይህ ግን ፈተናውን እንዲሁ እንደነገሩ ለመሥራት ሰበብ አይሆንም። ወረቀቱ ላይ 46ን ከ50 መለየት ያልቻለች ባለሙያ ጤና ኬላ ላይ ልትለይ አትችልም፤ ወረቀቱ የሚነግረን የመጀመሪያውን በር ማለፏን ነው።

ሁለተኛውን በር ለማየት ደግሞ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። ጤና ኬላው የሕሙማን ሕፃናት መዝገብ አለው፤ ዕድሜ፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የተሰጠው ስያሜና ሕክምናው በአንድ መስመር ይጻፋሉ። ከሥልጠናው ሦስት ወር በኋላ ለድጋፋዊ ክትትል የሚሄደው ባለሙያ ሳል ይዟቸው የመጡ የመጨረሻዎቹን አሥር ሕፃናት መስመር ያንብብ። ስንቱ ላይ ትንፋሹ ተቆጥሯል? በስንቱ ላይ ስያሜው ከዕድሜውና ከቁጥሩ ጋር ይስማማል? በስንቱ ላይ መድኃኒቱ ከስያሜው ጋር ይሄዳል? አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያሻል፤ የሁሉም ሕፃን ትንፋሽ 40፣ 50፣ 60 እያለ በክብ ቁጥር ከተሞላ፣ እዚያ ጤና ኬላ ደቂቃ ሙሉ የቆጠረ ሰው ላይኖር ይችላልና ተቆጣጣሪው መዝገቡን ዘግቶ አንድ ሕፃን ሲቆጠር በዓይኑ ይይ።