«ዋናው የውስጥ ውበት ነው» ማንን ያጽናናል?

«እንግዳ ተቀባይ፤ ጾታ ሴት፤ ቁመናዋ ያማረ፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ የምትቀርብ።» አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አያጣም።

እንበልና አንዲት ልጅ ዲፕሎማና የሁለት ዓመት ልምድ ይዛ ሄደች። ፎቶዋ ታየ፤ ፈተና እንኳ ሳትቀመጥ ተመለሰች። እናቷ «አይዞሽ ልጄ፣ ዋናው የውስጥ ውበት ነው» ይሏታል።

ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን የልጅቷ ጥያቄ «ቆንጆ ነኝ ወይ?» አልነበረም። «ለምን ሳይጠይቁኝ መለሱኝ?» ነበር። ማጽናኛው ይህን አይመልስም፤ እንዲያውም ሌላ ጥርጣሬ ይጨምርባታል። የሚቆጠረው ውስጥ ከሆነና እሷ ከተጣለች፣ ጉድለቱ ከችሎታዋ ወይም ከጠባይዋ ነው ማለት ነው።

አባባሉ የሚስተው ዋና ነገር አለ። ሰው ውስጥንና ውጭን ለይቶ አይመዝንም። እ.ኤ.አ. በ1972 ካረን ዲዮን፣ ኤለን በርሼይድና ኢሌን ዋልስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ አሳዩ። ተማሪዎቹ መልከ መልካሞቹን የተሻለ ጠባይና የተሻለ የሥራ ዕድል ያላቸው አድርገው ገመቱ። ከፎቶው በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የውስጥ ውበት የተባለው ራሱ ከፊት ላይ ተነበበ ማለት ነው።

ግምቱ ደመወዝ ውስጥም ይታያል። ዳንኤል ሐመርሜሽና ጄፍ ቢድል እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካና በካናዳ መልካቸው ከመካከለኛ በታች ተብሎ የተመዘገበ ሠራተኞች ከመካከለኞቹ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር፤ ልዩነቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ወንዶችም ከዚህ አላመለጡም። ቁጥሩ የዚያ አገር ነው፤ ልማዱ ግን እኛም ዘንድ በማስታወቂያ ተጽፎ ይለጠፋል።

ሕጉም አይረዳትም ማለት ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ሲከለክል መልክን በስም አይጠራም።

አባባሉ ፈጽሞ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ለዓመታት አብረው በኖሩ ባልና ሚስት፣ በጎረቤትና በጓደኛ መካከል ጠባይ መልክን ያስረሳል። እዚያ ለመተዋወቅ ጊዜ አለ። በአንድ ደቂቃ ፎቶ ታይቶ በሚወሰንበት ቦታ ግን ያ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ለልጅቷ የሚገባት ቃል «ያለ አግባብ ነው የመለሱሽ፤ ጉድለቱ ያንቺ አይደለም» የሚለው ነው። ለቀጣሪው የሚገባው ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው፦ ስልክ ለማንሳትና እንግዳ ለማስተናገድ ፎቶው ከፈተናው በፊት ለምን ተፈለገ? ፎቶው ቀርቶ ፈተናው ቢቀድም ውስጧ የሚታይበት ዕድል ይኖር ነበር።