ጥምር መንግሥት ቅርጫ አይደለም!

የሆነ አገር ምርጫ ተካሂዶ ፓርቲዎች ለድርድር በተቀመጡ ቁጥር እዚህ መንደር የሚለጠፈውን አያለሁ። «አንደኛ የወጣው ይግዛ! ሌላው የወንበር ቅርጫ ነው፤ የሕዝብ ድምፅ ተሸጠ» ይባላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ይህንን ሼር ስታደርጉ ዝም ማለት ከበደኝ። ቅርጫ ላይ መደቡ እኩል ይደረግና ዕጣ ይወጣል፤ የትኛው ቢደርስህ ግድ የለህም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ግን እኩል አይመደብም። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ጀርመንን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በመስከረም 2021 ምርጫ ፓርላማው 736 መቀመጫ ነበረው። ለመግዛት 369 ያስፈልጋል። አንደኛ የወጣው የሾልዝ ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ያገኘው 206 ብቻ ነው። «አንደኛው ይግዛ» የምትሉ ሰዎች፣ በ206 ድምፅ በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ ንገሩኝ! ከአራት መራጭ ሦስቱ ገደማ ያልመረጠውን ፓርቲ ብቻውን ማንገሥ ነው የሕዝብን ድምፅ መሸጥ።

ስለዚህ አጋር መፈለግ ግድ ሆነ። አረንጓዴዎቹ 118 ነበራቸው፤ ተደምሮ 324፣ አይበቃም። ግራ ፓርቲው ቢጨመር 363፣ በስድስት ይጎድላል። ነፃ ዴሞክራቶቹ ግን 92 ነበራቸው፤ ከእነሱ ጋር 416 ይሆናል። ወግ አጥባቂዎቹም ከአረንጓዴዎቹ ጋር መንግሥት ልመሥርት ቢሉ ያው 92ቱን ይፈልጋሉ። ሁለቱ ትልልቆች ተጣምረው መግዛት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አብረው ገዝተው ሰልችቷቸዋል። እንግዲህ የትንሹ ፓርቲ ጉልበት የመጣው ከዚህ ነው። ቁም ነገሩ ስንት ወንበር አለህ ሳይሆን ያላንተ ማን መግዛት ይችላል የሚለው ነው።

በቁጥር ረገድ ክፍፍሉ ብዙም አያስገርምም። ከ16 ሚኒስትሮች አረንጓዴዎቹ 5፣ ነፃ ዴሞክራቶቹ 4 ወሰዱ። ይህ ለጥምረቱ ካዋጡት መቀመጫ ጋር ይቀራረባል፤ በብዙ አገርም እንደዚሁ ነው። ትግሉ የነበረው የትኛው ወንበር ለማን የሚለው ላይ ነው። አረንጓዴዎቹም ሊንድነርም ገንዘብ ሚኒስቴርን ፈለጉ። ለምን? የሌላው ሚኒስትር ዕቅድ ሁሉ በዚያ በር ስለሚያልፍ ነዋ! ወንበሩን ሊንድነር ወሰደው፤ አረንጓዴዎቹ ኢኮኖሚና አየር ንብረትን ከውጭ ጉዳይ ጋር ያዙ። ወንበር ማለት ፖሊሲ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ፖሊሲውም በጽሑፍ ሰፍሯል። ሾልዝ በሰዓት 12 ዩሮ ዝቅተኛ ደመወዝ አገኘ። አረንጓዴዎቹ ከድንጋይ ከሰል መውጫው ቢቻል ወደ 2030 እንዲቀርብ አስገቡ። ሊንድነር ደግሞ ግብር እንዳይጨመርና መንግሥት የሚበደረውን የሚገድበው የሕገ መንግሥቱ «የዕዳ ፍሬን» እንዳይነካ አደረገ።

ጥምረትን መተቸት ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ተቹ። ትልቅ የአየር ንብረት ወጪ፣ ግብር አይጨመርም፣ ብድርም አይጨመርም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለኮሮና ተፈቅዶ ያልተነካ የ60 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ወደ አየር ንብረት ፈንድ አዞሩ። በኅዳር 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህንን ሻረው። ከዚያ ወዲህ በጀት በመጣ ቁጥር ያ በቀለም የተሸፈነ ጠብ እንደ አዲስ ተነሣ። በኅዳር 2024 ሾልዝ ሊንድነርን አባረረው፤ መንግሥቱም ፈረሰ። በየካቲት 2025 ምርጫ ነፃ ዴሞክራቶቹ 4.3 በመቶ አገኙ፤ ፓርላማ መግቢያው 5 ስለሆነ በሩ ላይ ቀሩ። «ትንሹ ትልቁን ጠምዝዞ ይኖራል» ለምትሉ መልሱ ይኸው፤ የሚጠመዝዝ ሁሉ ሒሳቡን መራጩ ፊት ያወራርዳል።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 56ን ክፈቱ፤ አብላጫ ያገኘ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅቶች መንግሥት ይመሠርታሉ ይላል። ደግሞ አታምታቱ! ከምርጫ በፊት የሚታሰር ግንባር ሌላ ነው፤ ምርጫ ቆጥሮ ከሰጠው ድምፅ ተነሥቶ በጽሑፍ የሚዋዋል ጥምር መንግሥት ሌላ ነው። የኋለኛው ማን ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ አደባባይ ያወጣዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ድርድር ስታዩ «ወንበር ተካፈሉ» ብላችሁ አትሳቁ። ስምምነቱን አንብቡና ሁለት ነገር ጠይቁ። ካዝናውን ማን ያዘ? እርስ በርስ ለሚጋጩት ተስፋዎች ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተጽፏል? ካልተጻፈ፣ የፈረሱበትን ቀን ብቻ ነው ያልጻፉት።