«በደፈናው ስንት ታደርግልናለህ?»

የድርጅት ቪዲዮ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ካሜራው ሳይከፈት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ስልክ ይደውላል፣ «የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ለምሥረታ በዓላችን፣ በደፈናው ስንት ታደርግልናለህ?» ይላል። ባለሙያው «60,000» ብሎ ይመልሳል። በዚያች አንድ ቁጥር ውስጥ አራት የተለያዩ ዕቃዎች ተሽጠዋል፤ ዋጋ የወጣለት ግን አንዱ ብቻ ነው።

ከቀን ዋጋ እንጀምር። ብዙ ባለሙያ የቀን ዋጋውን የሚያወጣው ጓደኛው ስንት እንዳስከፈለ ጠይቆ ነው። ትክክለኛው መነሻ ግን የራሱ ዓመት ነው። ለምሳሌ ለኑሮ በወር 40,000 ብር የሚያስፈልገው ሰው በዓመት 480,000 ያወጣል። የ600,000 ብር ካሜራና ሌንስ በአራት ዓመት መተካት ካለበት በዓመት 150,000 ይጨመራል። ለኢንተርኔት፣ ለሃርድ ዲስክ፣ ለጥገናና ለግብር 120,000 ይያዝ። ድምሩ 750,000 ነው። ይህ ለ365 ቀን አይካፈልም፤ ደንበኛ ፍለጋው፣ ስብሰባውና ሥራ የሌለበት ወር ሲቀነስ የሚከፈልባቸው ቀናት ከ100 ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ ዋጋው በቀን 7,500፣ በሰዓት ደግሞ 900 ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው ኤዲቲንግ ነው። ደንበኛው ሦስት ደቂቃ ሲል ሦስት ደቂቃ ይታየዋል። የሁለት ቀን ቀረጻ ግን አምስት ሰዓት የሚሆን ምስል ያመጣል። እሱን አይቶ መለየት 6 ሰዓት፣ የመጀመሪያው ቅንብር 14፣ ማጥራት 8፣ ቀለም 4፣ ድምፅና ሙዚቃ 4፣ የግርጌ ጽሑፍና የመጨረሻ ፋይል ማውጣት 4 ሰዓት ቢወስዱ 40 ሰዓት፣ ማለትም አምስት የሥራ ቀን ነው።

ሦስተኛው ማስተካከያ ነው፤ ትርፍ የሚያልቀውም እዚህ ነው። ሰኞ ኃላፊው አይቶ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ረቡዕ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሙዚቃውን ይለውጣል፣ አርብ የቦርድ ሰብሳቢው የኔ ንግግር ለምን አጠረ ይላል። የተፈረመው ወረቀት ስለ ማስተካከያ ዝም ካለ ይህ ሁሉ ነጻ ነው። የ60,000 ብሩን ሥራ እንከተለው። ለረዳትና ለመብራት ኪራይ 14,000፣ ለመኪና 6,000 ሲወጣ ለባለሙያው 40,000 ይቀራል። ዝግጅት አንድ ቀን፣ ቀረጻ ሁለት፣ ኤዲቲንግ አምስት፣ በዚያ ላይ አራት አራት ሰዓት የወሰዱ አምስት ዙር ማስተካከያዎች ሁለት ቀን ተኩል በሉ እንበል። ለአሥር ቀን ተኩል 40,000 ማለት በቀን 3,800 ገደማ ነው፤ ከሚያስፈልገው ግማሹ።

መፍትሔው ሁለት ዙር ብሎ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ዙር ምን እንደሆነም መጻፍ ነው። አንድ ዙር ማለት ድርጅቱ የወከለው አንድ ሰው የሁሉንም አስተያየት ሰብስቦ በጽሑፍ የሚልከው አንድ ዝርዝር ነው። ሦስተኛው ዙር በሰዓት ይከፈላል። ያኔ ቦርድ ሰብሳቢው ቪዲዮውን በመጀመሪያው ዙር ያየዋል።

አራተኛው የአጠቃቀም መብት ነው። ብዙ ባለሙያ «የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ የኔ ነው» ብሎ ያምናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በአገልግሎት ውል ታዞ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያዘዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል። ዝምታ ለደንበኛው ይፈርዳል ማለት ነው። ለአዳራሽ የተሠራው ቪዲዮ ከስድስት ወር በኋላ ተቆርጦ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲሆን ባለሙያው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ደንበኛው «ገንዘቤን ከፍዬ ለምን እንደፈለግኩ አልጠቀምበትም?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም መከልከል ሳይሆን ዋጋ ማውጣት ነው። ለአዳራሽና ለድርጅቱ ገጾች ለአንድ ዓመት ከመሠረታዊው ዋጋ ጋር፣ ለቴሌቪዥን ደግሞ ለብቻው፣ ሙሉ መብትና ጥሬ ቀረጻ ከፈለገ ከዚያም በላይ።

ያው ሥራ ተዘርዝሮ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ ዝግጅትና ቀረጻ ሦስት ቀን 22,500፣ ረዳት፣ መብራትና መኪና 20,000፣ ኤዲቲንግ 36,000፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ 7,200። ድምር 85,700 ብር፣ ባለሙያው የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ቴሌቪዥን ከተፈለገ 25,000 በተጨማሪ።

በ60,000 የሚሠራ ሌላ ሰው ይገኛል፣ እውነት ነው። ግን የተዘረዘረ ፕሮፎርማ ድርድሩን ይለውጠዋል። ደንበኛው 60,000 ብቻ ካለው አንድ የቀረጻ ቀን ይቀነሳል፣ ቪዲዮው ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ያጥራል፣ ማስተካከያው አንድ ዙር ይሆናል። ዋጋ ሲወርድ ሥራውም አብሮ ይወርዳል። በደፈናው በተሰጠ ዋጋ ግን የሚቀንሰው የባለሙያው እንቅልፍ ብቻ ነው።