ተሰናባች ባልደረባን በሥዕልና በቃል ስለ መሸኘት

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜው 60 ዓመት ሞልቶ በጡረታ ሲሰናበት፣ ቀድሞ የነበረው ልማድ አለቃው ተነሥቶ ጥቂት ቃል መናገር፣ ባልደረቦቹም ያዋጡትን ስጦታ ማቅረብ ነበር። አሁን ግን በብዙ ቦታ አንድ ነገር ተጨምሮአል። ተሰናባቹ በሥራ ላይ በቈየባቸው ዓመታት የተነሡት ፎቶግራፎችና አጫጭር ቪዲዮዎች ተቀጣጥለው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ ከሥዕሉም ጋራ አስቀድሞ የተቀዳ የስንብት ንግግር ይሰማል። ልማዱ መልካም ነው እንላለን። ዳሩ ግን ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሥዕል የሌለ ይመስል ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ሲሄዱ እናያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ የሚነሣው መቼ ነው? በዓል ሲከበር፣ ስብሰባ ሲዘጋ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሥልጠና አልቆ የምስክር ወረቀት ሲታደል ነው። ሰው ሥራውን ሲሠራ ግን ማንም አያነሣውም። ስለዚህ የ38 ዓመት ሥዕል ተሰብስቦ ሲታይ፣ ተሰናባቹ ዕድሜውን ሁሉ ኬክ ሲቈርስና ተሰልፎ ሲስቅ የኖረ ይመስላል። ንግግሩም በበኩሉ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቅን» የሚሉትን ቃላት ሲደረድር ያልቃል። ልጆቹም አባታቸው ወይም እናታቸው ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠሩ እንደ ኖሩ ሳያውቁ ከአዳራሹ ይወጣሉ። እንግዲህ በእኛ አስተያየት የዚህ ዓይነት ንግግር የመጀመሪያ ግዴታው ሥዕሉ ሊያሳይ ያልቻለውን ሥራ መናገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሸኘናቸውን አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባችንን ለምሳሌ እንውሰድ። እኒህ ሴት በ1979 ዓ.ም. ተቀጥረው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከዚያው ክፍል ሳይወጡ የሠሩ ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። ከየባልደረባው ስልክ፣ ከግድግዳና ከራሳቸው አልበም ወደ 110 የሚሆን ፎቶግራፍ ተሰበሰበ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በፋይል መደርደሪያዎቻቸው መካከል የተነሡት 2 ብቻ ነበሩ፤ በአንደኛውም ላይ የሚታየው ጀርባቸው ነው።

ይህ በመታወቁ ነው፣ ሊሰናበቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው አንድ ወጣት ባልደረባ ስልኩን ይዞ ወደ መዝገብ ቤቱ እንዲወርድ የተደረገው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ፣ የመጣውን ደብዳቤ በትልቁ ደብተር ላይ ሲመዘግቡ፣ ማኅተም ሲመቱና ፋይሉን በገመድ ሲያስሩ ቀረጸ። ስልኩን የያዘው በአግድም ነበር፤ አቁመው የቀረጹት እንደ ሆነ በሰፊው ግድግዳ ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ድምፁም ሳይጠፋ ተቀምጦአል። ያ የማኅተም ኳኳታ በአዳራሹ ውስጥ ሲሰማ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩት መልእክተኞች ናቸው መጀመሪያ የሣቁት።

ሥዕሉ ከተሰበሰበ በኋላ የሚመጣው የጊዜ ሒሳብ ነው፤ ብዙ ንግግር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አዳራሽ ያለ ሰው በጸጥታ ሊያይ የሚችለው 5 ደቂቃ ያህል ነው ብለን ተነሣን፤ ይኸውም 300 ሴኮንድ ነው። የራሳቸው ድምፅ ላላቸው ለ3ቱ ቪዲዮዎች ለእያንዳንዳቸው 20፣ ባንድነት 60 ሴኮንድ ተሰጠ፤ በዚያን ጊዜ ተናጋሪው ዝም ይላል። የቀረው 240 ሴኮንድ ለፎቶግራፎቹ ነው። አንድን ፎቶግራፍ አይቶ በውስጡ ያለውን ሰው ለመለየት 6 ሴኮንድ ያህል ያስፈልጋልና፣ ቦታ ያለው ለ40 ፎቶግራፍ ብቻ ነው ማለት ነው። እንግዲህ 70ው ቀርቶአል። የቀረባቸው ሰዎች ማኩረፋቸው አይቀርም፤ ነገር ግን 110ሩንም ላሳይ ያለ ሰው አንዱንም አላሳየም።

ንግግሩስ? በረጋ ድምፅ የሚነበብ አማርኛ፣ ሰዓት ይዘን እንደ ለካነው፣ በደቂቃ ወደ 90 ቃል ነው። ከ240ው ሴኮንድ ውስጥ 150ውን ለድምፅ፣ 90ውን ለዝምታና ለለስላሳ ሙዚቃ ብንከፍለው፣ የሚያስፈልገው 225 ቃል ይሆናል። ሦስት ገጽ ጽፎ የመጣ ባልደረባ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ነበር። ከዚያ የበለጠ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን አንባቢው ይሮጣል፣ ሥዕሉም ይሮጣል፣ ተመልካቹም ማየቱን ወይም መስማቱን ይተዋል።

በ225 ቃል ውስጥ ምን ይግባ? የቅጥር ዘመንና የሥራ መደብ ከግል ማኅደራቸው ይገኛል፤ እሱ ቀላል ነው። ሌላውን ለማግኘት ግን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» የሚል አይሁን። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ ይመልሳልና። «እሳቸው ፈቃድ ወጥተው በነበረ ጊዜ ምን ተቸገራችሁ?» ብሎ የጠየቀ ግን ታሪክ ያገኛል። እኛም ይህን ስንጠይቅ ነው የጣራውን ነገር የሰማነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣራ አፍስሶ የሠራተኞች የቅጥር ፋይል በውሃ ርሶ ነበር። ብዙው ሰው ወረቀቱ እንዲጣል መክሮ ሳለ፣ እትዬ ግን ፋይሉን በየወንበሩና በየጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ እየገለጡ አደረቁት። ሰው ጡረታውን ለማስከበር ሲመጣ ስንት ዘመን እንዳገለገለ የሚያስረዳለት ያ የቅጥር ደብዳቤ ነው። የዚያን ክረምት ፎቶግራፍ ማንም አላነሣም።

እንግዲህ የመደርደሪያው ሥዕል በሚታይበት ጊዜ «በዚህ ሥዕል ላይ ባልደረባችን በመደርደሪያ አጠገብ ቆመው ይታያሉ» ብሎ መናገር ለተመልካቹ ዓይን የለህም እንደ ማለት ነው። የተነበበው ይህ ነበር፦

«እትዬ፣ በእነዚህ መደርደሪያዎች ላይ ቊጥሩ የተጻፈው በእርስዎ እጅ ነው። ጣራው ባፈሰሰበት ክረምት እያንዳንዷን ገጽ ያደረቁት እርስዎ ነዎት። ከእኛ በፊት በጡረታ የወጡ ባልደረቦቻችን፣ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ሲጠይቁ ያገኙት ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። ዛሬ የእርስዎም ደብዳቤ የተገኘው ከዚያው ነው።»

አንባቢ እንደሚያየው ንግግሩ «እሳቸው» አይልም፤ «እርስዎ» ይላል። ተሰናባቿ በፊት ወንበር ተቀምጠው ሳለ እንደ ሌለ ሰው ስለ እርሳቸው ማውራት፣ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያስመስለዋል። ይህን ያህል የሚቀርብ ነገር መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉትም።

አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ። በ1985 ዓ.ም. በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከቆሙት 9 ሰዎች 3ቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዳንዱ ሥዕሉን ተዉት አለ፤ ሌላው ደግሞ ስማቸው ይጠራ አለ። የተደረገው ግን እንዲህ ነው፤ ያ ሥዕል የሁለት ፎቶግራፍ ጊዜ ተሰጥቶት 12 ሴኮንድ ቈየ፤ ንግግር አልነበረም፤ ሙዚቃውም ዝቅ አለ። ከዚያም አስቀድሞ ለልጃቸው ተነግሮ ነበርና፣ እትዬ ሥዕሉ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ድንገተኛ ደስታ እናድርጋለን በማለት ሁሉን ነገር ከተሰናባቹ መደበቅ እኛ አንወደውም። በድንገት የሞተ ጓደኛ ፊት በግድግዳ ላይ ሲመጣ የሚከተለው ልቅሶ ነው፤ ከልቅሶውም በኋላ የሚቀጥለውን ሥዕል የሚያይ የለም።

ሁለተኛው ብርቱ ነገር ቅሬታ ነው። ብዙ ዓመት ዕድገት ሳያገኝ የኖረ ሰው አለ፤ አዳራሹም ይህን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «መሥሪያ ቤቱ ለድካምዎ ተገቢውን ዋጋ ሲሰጥዎ ኖሮአል» ብሎ መሸኘት በፊቱ መቀለድ ነው። ስለ በደሉ በሽኝት ቀን ይነገር አንልም። ስለ ሠራው ሥራ በቀንና በቦታ ተዘርዝሮ ይነገር፤ ስለ ተከፈለው ዋጋ ግን ዝም ይባል።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ድምፁ አስቀድሞ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀዳ፤ ፎቶግራፎቹ ከዚያ በኋላ በድምፁ ልክ ይሰደሩ። ሥዕሉን አስቀድሞ ሠርቶ ድምፁን ልግጠም ያለ ሰው፣ ስለ ጣራው ሲነገር የልደት ኬክ ሲታይ ያገኘዋል። ሙዚቃው ዘፈን የሌለበት ይሁን፤ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሲናገር አይሰማምና። የድሮውን ፎቶግራፍ በስልክ ለማንሣት ከመስተዋቱና ከአልበሙ ላስቲክ አውጥቶ፣ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ በማይመታው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ያለ ፍላሽ ማንሣት ይበቃል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ጥራቱ ይቀንሳል፤ በትንሹ የስልክ መስተዋት ላይ ደኅና መስሎ ታይቶ በግድግዳው ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል።

በዋዜማው በአዳራሹ ውስጥ መሞከርም ያስፈልጋል። አንድ ሰው በመጨረሻው ረድፍ ይቁምና የሰማውን ቃል በቃል መልሶ ይናገር፤ መናገር ካቃተው ሙዚቃው ይቀነስ። ሰው ሲሞላ አዳራሹ ድምፅ ስለሚውጥ፣ በባዶው ጊዜ ትንሽ የበዛ ቢመስል ይሻላል። መጋረጃው ቀን በቀን ብርሃን የሚያስገባ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። መብራትም ይጠፋልና፣ 225ቱ ቃል በወረቀት ተጽፎ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይደር። በእትዬ ቀን መብራቱ አልጠፋም፤ ወረቀቱ ግን ከኪስ ወጥቶ ከጋቢው ጋራ ተሰጣቸው።

ስለ ስጦታው አንድ ነገር ብቻ። ሰዓት ፊርማ ተገላግሎ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው የግድግዳ ሰዓት መስጠት የሚባለው ልማድ ከየት እንደ መጣ ገርሞን ያልፋል። ይልቁንስ ፊልሙ በፍላሽ ተቀድቶ ለልጆቹ ይሰጥ። ያ 5 ደቂቃው ብቻ ሳይሆን፣ ተቈርጠው የቀሩት 70 ፎቶግራፎችና ወጣቱ በመዝገብ ቤት የቀረጸው ሁሉ ሳይነካ አብሮ ይሰጥ፤ በእያንዳንዱም ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ሰዎች ማን ማን እንደ ሆኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በወረቀት ተጽፎ ይያያዝለት። ስሙን የሚያውቁት እትዬና ከእርሳቸው ጋራ የተቀጠሩት ጥቂቶች ናቸውና፣ ይህ ዝርዝር መጻፍ ያለበት ከሽኝቱ ቀን በፊት ነው።